የመብራት ሽቦን ከፎቶ ላይ ያለ ዱካ ማጥፋት

የመልክዓ ምድር ፎቶን አቋርጦ የሚያልፍ የመብራት ሽቦ በፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ሲጠፋ፣ ሽቦው የያዘው ቦታ ከዚያው ፎቶ በተወሰደ ሌላ ቁራጭ ይተካል። ሽቦ ቀጭን ስለሆነ መሸፈኑ ብዙም አያስቸግርም። አስቸጋሪው ሽቦው ከጠፋ በኋላ የሚቀረው ዱካ ነው። ዱካው ሦስት ዓይነት መልክ አለው፦ በሰማዩ ላይ ከአካባቢው የነጣ ወይም የጠቆረ ሰንበር፣ በተራራው ጫፍ ላይ በጣት የተዳሰሰ የሚመስል እድፍ፣ እንዲሁም አንድ ዓይነት ቅርንጫፍ ወይም አንድ ዓይነት የደመና ቁራጭ ተደጋግሞ መታየት። ከሦስቱ ቶሎ የሚያጋልጠው የመጨረሻው ነው። በተፈጥሮ ሁለት ቁጥቋጦ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ አንድ ሆኖ ስለማይገኝ፣ ዓይን መንትያ ነገር ሲያይ ወዲያው ይጠረጥራል።

ሁለቱ ብሩሾች

ለዚህ ሥራ የሚያገለግሉት ክሎን ስታምፕ እና ሂሊንግ ብራሽ የሚባሉ ሁለት መሣሪያዎች ናቸው። ፎቶሾፕም ሆነ በነጻ የሚገኘው ጊምፕ ሁለቱንም ይዘዋል። አያያዛቸው ይመሳሰላል። በመጀመሪያ ንጹሕ ቦታ ላይ ምንጭ ይመረጣል፤ ይህም በፎቶሾፕ `Alt`ን፣ በጊምፕ ደግሞ `Ctrl`ን ተጭኖ ጠቅ በማድረግ ነው። ከዚያ ብሩሹ በሽቦው ላይ ሲሄድ ከምንጩ የተወሰደው ምስል እዚያ ያርፋል። ልዩነቱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

ክሎን ስታምፕ ያገኘውን እንዳለ ይገለብጣል። ቀለሙም፣ ብርሃኑም፣ የገጽታው ሸካራነትም ሳይለወጥ ይተላለፋል። ስለዚህ ምንጩ ከመድረሻው ጥቂት እንኳ የነጣ ከሆነ ንጣቱ ይታያል። ሰማይ ደግሞ ለዓይን አንድ ወጥ ሰማያዊ ቢመስልም ከአድማስ ወደ ላይ በተኬደ ቁጥር እየጠቆረ ይሄዳል። ሽቦውን ከበላዩ ባለው ሰማይ በክሎን ስታምፕ መሸፈን ብዙ ጊዜ በሽቦው ፈንታ ደብዘዝ ያለ ሌላ ሽቦ ማስመር የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሂሊንግ ብራሽ ወደ ፎቶሾፕ የገባው እ.ኤ.አ. በ2002 ከሰባተኛው እትም ጋር ሲሆን፣ ጊምፕም በ2007 በወጣው 2.4 እትሙ ተመሳሳይ መሣሪያ ይዞ መጥቷል። ይህ ብሩሽ ከምንጩ የሚወስደው ሸካራነቱን፣ ማለትም ጥቃቅኑን ዝርዝር ነው። ቀለሙንና ብርሃኑን የሚወስነው ግን በተቀባው ቦታ ዙሪያ ያሉትን ፒክስሎች አይቶ ነው። ከዙሪያው ያገኘውን ቀለም ወደ መሐል እያለዘበ ያሰራጨዋል። በሰማይ ላይ የሚዋጣለት ለዚሁ ነው፤ ምንጩ ትንሽ ቢነጣ ወይም ቢጠቁር ራሱ ያስተካክለዋል።

የሂሊንግ ብራሽ ድክመትም ከዚያው ጠባዩ ይመነጫል። የቀቡት ቦታ ጠርዝ ጥቁር ነገር ከነካ ጥቁረቱም ወደ ውስጥ ይሰራጫል። በሰማይና በተራራ መገናኛ ላይ በሂሊንግ ብራሽ ሲቀባ የተራራው ጥቁረት ወደ ሰማዩ የሚፈሰው በዚህ የተነሳ ነው። እንግዲህ የሥራ ክፍፍሉ ግልጽ ነው፦ ብርሃኑ ቀስ በቀስ ለሚለዋወጥ ሰፊ ቦታ ሂሊንግ ብራሽ፣ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ለሚገናኙበት ጠርዝ ደግሞ ክሎን ስታምፕ።

ድግግሞሽ የሚፈጠርበት መንገድ

ድግግሞሽ የሚፈጠረው በምንጩና በመድረሻው መካከል ባለው ርቀት ነው። `Aligned` የሚለው ምርጫ ሲበራ ምንጩ ከብሩሹ ጋር ርቀቱን ጠብቆ አብሮ ይሄዳል። ምንጩ ከብሩሹ በስተግራ በ300 ፒክስል ርቀት፣ እዚያው ሽቦው በሚያልፍበት መስመር ላይ ተመርጧል እንበል። ቦታው ቀደም ብሎ ስለጸዳ ንጹሕ ይመስላል። ብሩሹ ወደ ቀኝ 300 ፒክስል ከሄደ በኋላ ግን ምንጩ አሁን የተለጠፈው ቁራጭ ላይ ይደርሳል። ሠራተኛው ሌላ ምት ሲጀምር ያንኑ ቁራጭ እንደገና ይገለብጠዋል። በዚህ አካሄድ ከቀጠለ በየ300 ፒክስሉ አንድ ዓይነት ቅርጽ ይሰለፋል። `Aligned` ሲጠፋ ደግሞ እያንዳንዱ አዲስ ምት ከመጀመሪያው ምንጭ ስለሚነሳ፣ በተደጋጋሚ ጠቅ ማድረግ ያንኑ ቁራጭ እንደ ማኅተም ማተም ይሆናል።

ይህ ስህተት በዓለም መነጋገሪያ የሆነበት አጋጣሚ አለ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2006 ሮይተርስ የዜና ወኪል ከቤይሩት የአየር ድብደባ በኋላ የተነሳ አንድ ፎቶ አሰራጭቶ ነበር። በፎቶው ላይ ከከተማይቱ የሚነሳው ጭስ በክሎን ስታምፕ እንዲበዛና እንዲጠቁር ተደርጓል። ተመልካቾች ነገሩን የደረሱበት በጭሱ ውስጥ አንድ ዓይነት ክብ ክብ ቅርጾች በተርታ ተደርድረው ስላዩ ነው። ሮይተርስ ፎቶውን ሰርዞ ከፎቶ አንሺው ጋር መሥራቱን አቆመ፤ ሌሎች ሥራዎቹንም ከማኅደሩ አወጣ። ጭስ ቅርጽ የለሽ ስለሚመስል ድግግሞሹን ይደብቃል ተብሎ ይታሰባል። ነገር ግን አንድ ጎላ ያለ ጠርዝ ሁለት ሦስት ጊዜ ከታየ ለመጋለጥ ይበቃል።

ከዚህ የሚወጣው ዋና መመሪያ ምንጩ ምንጊዜም ከሽቦው መስመር ውጪ ይሁን የሚል ነው። ሽቦ ረጅምና ቀጭን በመሆኑ ከበላዩም ከበታቹም እግረ መንገዱን በሙሉ ያልተነካ ምስል አለ። ምንጩ ከሽቦው ጎን ለጎን ከተወሰደ የተለጠፈ ቁራጭ እንደገና ምንጭ የሚሆንበት ዕድል አይኖርም፤ ሽቦው በሄደ ቁጥር ምንጩም አዲስ ቦታ ያገኛል። የተገለበጠው ነገር ከእናቱ ጎን ስለሚቀመጥ ግን በጣም ጎላ ያለ ቅርጽ ካለበት ጥንድ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ሁለተኛው መመሪያ ይከተላል፦ ምንጩ ዓይን የሚይዝ ነገር የሌለበት ቦታ ይሁን፣ ከላይና ከታችም እየተፈራረቀ ይመረጥ።

አንድ ፎቶ ከመነሻ እስከ መድረሻ

አሠራሩን በአንድ ምሳሌ መከተል ይቻላል። ፎቶው 6000 በ4000 ፒክስል ነው። ከላይ ሰማይ፣ ከሥሩ የተራራ ሸንተረር፣ በስተቀኝ የባሕር ዛፍ ተክል፣ ከፊት ለፊት የታረሰ ማሳ አለው፤ በመሐል አገር ደጋ መንገድ ዳር ቆሞ የሚነሳ የተለመደ ትዕይንት ነው። አንድ የመብራት ሽቦ ከላይኛው የግራ ጠርዝ ገብቶ እንደ መርገብ እያለ ይወርዳል፣ ሸንተረሩን ያቋርጣል፣ በባሕር ዛፎቹ ፊት አልፎ ከማሳው በላይ በቀኝ በኩል ይወጣል። ምሰሶ በፎቶው ውስጥ የለም።

ከሁሉ በፊት ከፎቶው በላይ አዲስ ባዶ ሌየር ይከፈታል። ብሩሾቹ የሚሠሩት በዚህ ሌየር ላይ ሲሆን፣ ከታች ያለውን ፎቶ ማየት እንዲችሉ በፎቶሾፕ `Sample` የሚለው ምርጫ `Current & Below` ላይ ይደረጋል፤ በጊምፕ ደግሞ `Sample merged` ይበራል። እንዲህ ከሆነ ዋናው ፎቶ አይነካም፤ ያልተሳካ ቁራጭ ቢኖር እሱ ብቻ በላጲስ ይጠፋል። ቀጥሎ ፎቶው በ100 በመቶ ይታይና የሽቦው ውፍረት ይገመታል። እዚህ ፎቶ ላይ ሽቦው 8 ፒክስል ነው። ሆኖም ካሜራው ምስሉን ሲያጠራ በሽቦው ግራና ቀኝ ሁለት ሦስት ፒክስል የሚሆን ነጣ ያለ ጠርዝ ይተዋል። ብሩሹ ሽቦውን ብቻ ከሸፈነ ያ ነጭ ጠርዝ ሁለት ቀጫጭን መስመር ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ብሩሹ ሁለቱንም ጠርዞች አልፎ ንጹሕ ሰማይ እንዲነካ 20 ፒክስል ያህል ይደረጋል።

የመጀመሪያው ምት የሚያርፈው ሸንተረሩ ላይ ነው። ብዙዎች ከሰማዩ ይጀምራሉ፤ ከሸንተረሩ መጀመር ግን ምክንያት አለው። ሂሊንግ ብራሽ በሽቦው ላይ እየሄደ መሐል መንገድ ላይ ቢቆም፣ የምቱ ጫፍ ያልጠፋውን ሽቦ ስለሚነካ የሽቦው ጥቁረት ወደ ተቀባው ቦታ ይሰራጫል። ሽቦው አስቀድሞ በክሎን ስታምፕ ከተቆረጠ ግን ሂሊንግ ብራሽ የሚያርፍበት ንጹሕ ቦታ ያገኛል። በመሆኑም ሽቦው ሸንተረሩን በሚያቋርጥበት ነጥብ፣ ከላይም ከታችም 50 ፒክስል ያህል በክሎን ስታምፕ ይጸዳል።

እዚህ ላይ ምንጩ የሚመረጠው በራሱ በሸንተረሩ ጠርዝ ላይ ነው፤ ልክ ሰማዩና ተራራው በሚነካኩበት መስመር። ቁልቁለቱ ከመድረሻው ጋር የሚመሳሰል ቦታ ይፈለጋል። ፎቶሾፕ ከምንጩ የሚመጣውን ምስል በብሩሹ ክብ ውስጥ አስቀድሞ ስለሚያሳይ፣ ከመጫን በፊት የጠርዙ መስመር ከዋናው ሸንተረር ጋር መግጠሙን ማየት ይቻላል። መስመሩ በአንድ ፒክስል እንኳ ቢዛነፍ ሸንተረሩ ላይ ትንሽ ደረጃ ይታያል። ቁልቁለቱ ካልገጠመ `Clone Source` በሚለው ሰሌዳ ምንጩን በጥቂት ዲግሪ ማዞር ይቻላል። ምስል ሲዞር ግን ፒክስሎቹ እንደገና ስለሚሰሉ ጥራቱ ትንሽ ይለሰልሳል፤ ስለዚህ ማዞሩ ሲያስፈልግ ብቻ ይደረጋል። የብሩሹ ጠርዝም የፎቶውን መምሰል አለበት። በጣም ለስላሳ ከሆነ ሸንተረሩን ያደበዝዘዋል፣ በጣም ስለታም ከሆነ ደግሞ የተቆረጠ ወረቀት ያስመስለዋል፤ `Hardness` ከ50 እስከ 70 መካከል ብዙ ጊዜ ይስማማል።

ከዚያ በኋላ ሰማዩ በሂሊንግ ብራሽ ይጠረጋል። ምቱ የሚነሳው ከፎቶው የግራ ጠርዝ ውጪ ነው። ሽቦው ስለሚረግብ ቀጥ ባለ አንድ መስመር አይሸፈንም። መነሻው ላይ አንድ ጊዜ ጠቅ ተደርጎ፣ ከ300 ፒክስል ገደማ በኋላ `Shift` ተይዞ እንደገና ጠቅ ሲደረግ ብሩሹ ሁለቱን ነጥቦች በቀጥታ ያገናኛል። በእንዲህ ዓይነት አጫጭር ቀጥታ መስመሮች ርግበቱን መከተል ይቻላል። ሆኖም እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ስለሚታሰብ ጫፉ ላይ እድፍ እንዳይቀር፣ በየመጋጠሚያው ሽቦው አስቀድሞ በክሎን ስታምፕ በአጭሩ ይቆረጣል። ምንጩ ከሽቦው 40 ወይም 60 ፒክስል ርቆ ይወሰዳል፤ አንዱ ክፍል ከላይ ከሆነ የሚቀጥለው ከታች ይሆናል። ሽቦው ደመና የሚያቋርጥ ከሆነ፣ ጭረቱ በዚያው አቅጣጫ የሚሄድ የደመና ክፍል እንደ ምንጭ ይመረጣል።

ብሩሹ ወደ ሸንተረሩ 100 ፒክስል ያህል ሲቀርበው ሂሊንግ ብራሽ ቦታውን ለክሎን ስታምፕ ይለቃል። እዚህ አንድ ጠቃሚ ዘዴ አለ። የሰማዩ ብርሃን የሚለወጠው በዋናነት ከላይ ወደ ታች ስለሆነ፣ ሽቦው ሰያፍ በሆነበት ቦታ ምንጩን በዚያው ከፍታ ወደ ጎን መውሰድ ይቻላል። በአግድም የተወሰደው ምንጭ ከመድረሻው ጋር ብርሃኑ እኩል ነው፤ ሽቦው ሰያፍ ስለሆነም ምንጩ ከሽቦው ውጪ ያርፋል። ሽቦው ከአድማስ ጋር ትይዩ ከሆነ ግን ይህ ዘዴ አይሠራም፤ ወደ ጎን የተወሰደው ምንጭ ያው ሽቦው ላይ ይወድቃል።

ባሕር ዛፎቹ የድግግሞሽ ዋና መናኸሪያ ናቸው። ቅጠሉ የተዘበራረቀ ስለሆነ ምንም ቢለጠፍበት የሚያልፍ ይመስላል፣ ነገር ግን አንድ የበራ ቅጠል ወይም አንድ የታጠፈ ቅርንጫፍ ሁለቴ ሲታይ ያጋልጣል። በዚህ ቦታ ረጅም ምት አይመከርም። ክሎን ስታምፕ በአጭር በአጭሩ፣ ብሩሹ ከራሱ ስፋት ሁለት ሦስት እጥፍ ሳይርቅ ይቀባል፤ ከዚያ ምንጩ ይለወጣል። ምንጩ በተመሳሳይ የዛፍ ከፍታና በተመሳሳይ ብርሃን ውስጥ ያለ ይሁን፤ ከጫፍ የተወሰደ ቀጭን ቅጠል ወፍራሙ የግንድ ክፍል አጠገብ አይገጥምም። ሽቦው ግንድ የሚያቋርጥ ከሆነ ምንጩ የሚወሰደው ከዚያው ግንድ፣ ከሽቦው ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ነው፤ የግንዱ ሁለት ጠርዞች ሳይሰበሩ መቀጠል አለባቸው። ምንጩን በግራ ቀኝ መገልበጥ ድግግሞሽን ይሰውራል፤ ፀሐይ ከጎን በምትመታው ዛፍ ላይ ግን ጥላውና ብርሃኑ ቦታ ስለሚለዋወጡ ሌላ ስህተት ይወልዳል።

ሽቦው ከማሳው ላይ በሚያልፍበት አጭር ክፍል የሚታየው ነገር ትልሙ ነው። ምንጩ በትልሙ አቅጣጫ ወደፊት ወይም ወደኋላ ተወስዶ የትልሙ መስመር ከመድረሻው ጋር ይገጠማል። የቅርቡ ጓል ትልቅ፣ የሩቁ ትንሽ ሆኖ ስለሚታይ ምንጩ ከመድረሻው ብዙ አይርቅም። ሽቦው በመሬት ላይ ጥላ ጥሎ ወይም በውኃ ላይ ነጸብራቅ ፈጥሮ ከሆነ ያም አብሮ ይጠፋል፤ ባለቤት የሌለው ጥላ ሽቦ እንደነበር ይናገራልና።

ፍተሻ

ሥራው ሲያልቅ ፎቶው በጣም ተጎልቶ ከታየ ድግግሞሹ አይገኝም። መንትያ ቅርጾች የሚታዩት ሁለቱ አንድ ላይ በዓይን ሲገቡ ስለሆነ፣ ፎቶው ሙሉ በሙሉ በስክሪኑ ልክ ይደረጋል። ቀጥሎ ወደ ግራና ቀኝ ይገለበጣል። ለረጅም ሰዓት የታየ ፎቶ ዓይንን ስለሚያለምድ፣ ሲገለበጥ እንደ አዲስ ይታያል፤ የተደበቀው ሰንበርም ብቅ ይላል።

ለሰማዩ ሌላ ፍተሻ አለ። ከሌየሮቹ ሁሉ በላይ `Curves` የሚባለው ማስተካከያ ተጨምሮ መስመሩ በጣም ቀጥ ብሎ እንዲወጣ ይደረጋል። ንጽጽሩ ሲጋነን በተለመደው ብርሃን የማይታየው ልዩነት ይጎላል። የሽቦው መንገድ ነጣ ወይም ጠቆር ብሎ ከታየ በሂሊንግ ብራሽ እንደገና ይታለፋል። የብርሃን ልዩነት ሳይኖር ለስላሳ መንገድ ከታየ ግን ችግሩ ሌላ ነው። ዲጂታል ፎቶ በሙሉ፣ ሰማዩም ጭምር፣ ኖይዝ የሚባል ደቃቅ ነጠብጣብ አለው። ብሩሹ በግማሽ ድምቀት ደጋግሞ ሲያልፍ ነጠብጣቦቹ እርስ በርስ እየተቀላቀሉ ይጠፋሉ። መፍትሔው ያንን ቁራጭ አጥፍቶ `Opacity`ን 100 አድርጎ በአንድ ምት እንደገና መቀባት ነው። ይህ ማስተካከያ ለፍተሻ ብቻ የገባ ስለሆነ በመጨረሻ ይሰረዛል።

መንትያ ሲገኝ ሁለቱንም ማጥፋት አያስፈልግም። ከሁለቱ አንደኛው፣ ማለትም በአዲሱ ሌየር ላይ ያለው፣ ጎላ ያለው ክፍሉ ብቻ ከሌላ ቦታ በተወሰደ ትንሽ ቁራጭ ይሸፈናል። አንዱ ቅጠል ከተለወጠ ጥንድነቱ ይፈርሳል።

የማይሠራባቸው ቦታዎች

ሁለቱ ብሩሾች በፎቶው ውስጥ የሌለ ነገር መፍጠር አይችሉም። ሽቦው በአንድ ቤት መስኮት፣ በቤተ ክርስቲያን ጉልላት መስቀል ወይም በሰው ፊት ላይ ካለፈ፣ ከሥሩ ያለውን የሚተካ ሁለተኛ ቅጂ በፎቶው ውስጥ የለም። እንዲህ ሲሆን ከዚያው ቦታ ጥቂት እርምጃ ተንቀሳቅሶ የተነሳ ሌላ ፎቶ ካለ ምንጩ ከእሱ ሊወሰድ ይችላል፤ ከሌለ ግን ሽቦውን መተው የተሻለ ነው። ምሰሶው በፎቶው ውስጥ የሚታይ ከሆነም ሽቦውን ብቻ ማጥፋት ትርጉም የለውም። ሽቦ የሌለው ምሰሶ ከሽቦው ይልቅ ዓይን ይስባል፤ ወይ ሁለቱም ይጠፋሉ፣ ወይ ሁለቱም ይቀራሉ።

የመጨረሻው ገደብ የፎቶው አገልግሎት ነው። ለግድግዳ፣ ለቀን መቁጠሪያ ወይም ለማስታወቂያ የሚሆን የመልክዓ ምድር ፎቶ ላይ ሽቦ ማጥፋት የተለመደ ነው። በዜና ፎቶ ግን የነበረን ነገር ማጥፋት ክልክል ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2014 አሶሺየትድ ፕሬስ ከአንድ የፑሊትዘር ተሸላሚ ፎቶ አንሺ ጋር መሥራቱን ያቆመው፣ ፎቶ አንሺው በሶርያ ካነሳው ምስል ጥግ ላይ የባልደረባውን የቪዲዮ ካሜራ ስላጠፋ ነበር። ካሜራው ለዜናው ይዘት የሚጨምረው ነገር አልነበረም፤ ደንቡ ግን የጠፋው ነገር ትልቅ ይሁን ትንሽ አይለይም። የዎርልድ ፕሬስ ፎቶ ውድድርም ነገር የተጨመረበትን ወይም የተቀነሰበትን ምስል አይቀበልም። ስለዚህ አንድ የመልክዓ ምድር ፎቶ ስለ ገጠር መብራት ዝርጋታ በሚያወራ ዘገባ ላይ የሚወጣ ከሆነ፣ ሽቦው የታሪኩ አካል ስለሆነ ባለበት ይቆያል።